‹ያረጋገጠው› የምትለው ሳጥን

ሆሳዕና በተመደብኩበት የውኃ ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ ስዕል ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያኔ ግን ኮርቼበታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በድራፍቲንግ ተመርቄ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የንድፍ ዕቃ ሳጥንና አንድ ቲ-ማስመሪያ ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ ዝናቡ አልተቀበለኝም ማለት አልችልም፤ ከእሱ በቀር የተቀበለኝ አልነበረም።

ስዕል ስል የአበባና የወፍ ስዕል እንዳይመስላችሁ። የማሽን ዕቃ ስዕል ነው። ፓምፖቹ የመጡት ከምሥራቅ አውሮፓ ነው፤ ስዕሎቻቸውም አብረዋቸው መጥተዋል። ግን ወረቀቱ ከእኛ ክረምት ጋር አልተስማማም። ሰማያዊው መስመር ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ፣ እየሻገተ፣ አይጥም የድርሻዋን እየወሰደች ሄዷል። የእኔ ሥራ ከመጥፋታቸው በፊት እያነበብኩ በአዲስ ወረቀት በቀለም መገልበጥ ነበር። ወፍራም መስመር በዓይን የሚታየው የዕቃው ጠርዝ ነው። ቁርጥርጥ ያለው መስመር ከኋላ ወይም ከውስጥ የተደበቀው ነው። ረጅም፣ ነጥብ፣ ረጅም፣ ነጥብ እያለ የሚሄደው ቀጭን መስመር የዕቃው መሐል የሚያልፍበት ነው፤ ብረቱ ላይ ፈልገህ አታገኘውም፣ ግን ሁሉም ነገር የሚለካው ከእሱ ነው። እነዚህን መስመሮች ከሰው ይልቅ እወዳቸው ነበር። አንዱ መስመር ሌላውን መስሎ አያታልልም።

ከስዕሉ በስተቀኝ ግርጌ ታይትል ብሎክ የምንለው ሰንጠረዥ አለ። የዕቃው ስም፣ የስዕሉ ቁጥር፣ የተሳለበት መጠን፣ ከምን ዓይነት ብረት እንደሚሠራ፣ ‹ሌላ ካልተጻፈ በቀር ይህን ያህል ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል› የሚለው ማስታወሻ፣ ሁሉም እዚያ ይሰፍራል። ከሥሩ ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ የነደፈው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ሦስት ሰው ያላየው ስዕል ወደ ብረት አይወርድም። ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲያ ነው።

እኛ ዘንድ ሦስት ሰው ከየት ይምጣ? የነደፍኩት እኔ ነኝ። የሚያጸድቁት ኃላፊያችን ናቸው። አስተማሪ የነበሩ፣ ጨዋ፣ ፈሪ ሰው ነበሩ፤ የሚቀርብላቸውን ወረቀት ሁሉ አስፈላጊ በመሰላቸው ቃል ሥር በእርሳስ እያሰመሩ ይፈርማሉ፣ ስዕል ሲሆን ደግሞ ቁጥር ሥር ያሰምሩና ይፈርማሉ። መሐል ያለችው ‹ያረጋገጠው› የምትለው ሳጥን ባዶ በመሆኗ ሁለት ስዕል ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ራሴ ፈረምኩባት፤ ፊርማዬን ትንሽ አሳጥሬ፣ ጋደል አድርጌ። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ራሴ እየነደፍኩ ራሴ አረጋግጥ ጀመር።

የተከራየኋት ክፍል ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበረች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ እሑድ እሑድ በሳሎናቸው በሀዲይኛ በዝግታ ይዘምራሉ። የእኔ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ሲሰሙ መዝሙሩ ይቆማል። የመንግሥት ሠራተኛ ነኛ! በየሳምንቱ የውይይት ክበብ የምቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሴት ነኝ። አልፈርድባቸውም። ግን በርህን ስትከፍት የሌላ ሰው ዘፈን ሲቋረጥ መስማት ከባድ ነው። አንዳንድ እሑድ እንዳላቋርጣቸው ብዬ ከገበያው ዳር ቆሜ የጋሪ ፈረሶች እያየሁ አረፍድ ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ አንድ ቶርኖ ነበር፤ የቶርኖው ጌታ ደግሞ ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። የሌሞ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፣ ሃምሳን የተሻገሩ፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው የቀሰሙት። ቁጥር ያነባሉ፣ ፊደል ግን የሚያውቁት በቁርአን ቤት የተማሩትን ነው። ስዕል አይወዱም። የሚሠሩት በናሙና ነው፤ አሮጌውን ዕቃ አጠገባቸው ያስቀምጡና ያንኑ ያወጣሉ።

«ብረት ብረትን ይወልዳል» ይሉኝ ነበር። «ወረቀት ምን ይወልዳል?»

«አሮጌው ያለቀ እኮ ነው ጋሼ። ያለቀውን ከገለበጡ ያለቀ ነው የሚወለደው» እላለሁ።

በዚህ አንድ ቀን ረታኋቸው። በሻፍቱ፣ ማለትም ፓምፑን በሚያዞረው ዘንግ ላይ፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ ስዕሉ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ይልና ከጎኑ ሁለት ጥቃቅን ቁጥሮች ያስከትላል፤ ከሁለት ሺህኛ ሚሊሜትር ያላነሰ፣ ከአሥራ ስምንት ሺህኛ ያልበለጠ ጨምር ማለት ነው። እሳቸው አሮጌውን ሲለኩት ከሠላሳ አምስት በታች ወርዶ ነበር። ተበልቷል። ሻፍቱ ከኩሽኔታው ቀዳዳ በጥቂቱ መወፈር አለበት፣ ኩሽኔታው ተጠብቆ እንዲይዝ፤ ካልሆነ ውስጡ እየተሽከረከረ ይበላዋል አልኳቸው። ማይክሮሜትሩን አነሱ። ሠላሳ አምስት ከአንድ መቶኛ ላይ አደረሱልኝ፣ ልክ መሐሉ ላይ። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቴን ሳልጠራቸው መጥተው ያዩ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ‹አላውቅም› ማለት ተውኩ።

የነገሩ መጀመሪያ የሺንሺቾ ፓምፕ ነው። የፓምፑ ሻፍት ተሰብሮ የከተማው ሰው ወንዝ መውረድ ጀመረ፣ ልጆችም መታመም ጀመሩ ተባለ። ከተሰበረው ሻፍት የደረሰን ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ሰው ወስዶ ለቀጥቃጭ ሸጦታል፤ ማረሻ ሆኗል ማለት ነው። በዕቃ ግምጃ ቤታችን ለሻፍት የሚሆን ደህና ብረት አንድ ዘንግ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሌላ ለማስመጣት የአንድ ዓመት ደብዳቤ ያስፈልጋል።

በዚያው ሳምንት ኃላፊያችን ጠርተው አንድ ፎርም አሳዩኝ። የትምህርት ዕድል ነው፤ ወደ ውጭ፣ አምስት ዓመት፣ ምህንድስና። ከወርክሾፓችን አንድ ሰው ይላካል፣ ያም አንቺ ነሽ አሉኝ። «የሺንሺቾው ሥራ ይለቅና እፈርምልሻለሁ» ብለው ፎርሙን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ሆሳዕና ውስጥ አልነበርኩም። ጭቃው ላይ እየሄድኩ የማላውቀው አገር በረዶ ላይ ነበርኩ።

የሻፍቱን ስዕል አወጣሁ። የደበዘዘ ነው። ሻፍቱ አምስት ቦታ ይከፈላል። የአራቱ ርዝመት ተጽፏል፦ ሰባ፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስድስት፣ መቶ። መሐል ያለው፣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው፣ አልተጻፈም፤ ከጠቅላላው ርዝመት አራቱ ሲቀነሱ የሚቀረው እሱ ነው። ይህ ስህተት አይደለም፣ ደንብ ነው። ጠቅላላው ርዝመት ደግሞ አራት መቶ አርባ ሁለት ይላል። ይላል ወይስ ይመስላል? ሻጋታው አጠገቡ ነበር። ከቁጥሩ ሥር ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ከጎኑ ደግሞ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አንድ የላቲን ፊደል አለች። ከታይትል ብሎኩ በላይ ያለችው ጠባብ ሰንጠረዥም ያችኑ ፊደል ይዛ በማላነበው ቋንቋ ሁለት ቃል ተጽፎባታል።

ማስመሪያዬን አነሳሁ። ስዕሉ የተሳለው በግማሽ መጠን ነው። ወረቀቱ ላይ ለካሁ፤ ሁለት መቶ ስድስት ሚሊሜትር። በሁለት ሲባዛ አራት መቶ አሥራ ሁለት። አራት መቶ አርባ ሁለት አይደለም። እንደገና ለካሁ፣ ያው ነው። እንግዲህ መሐለኛው አኃዝ አንድ ነው፣ ሻጋታ አራት አስመስሎታል አልኩ። ከሥሩ ያለውን መስመር ኃላፊያችን እንደ ልማዳቸው ያሰመሩት ነው አልኩ። የማላነበውን ቋንቋ ለእኛ ምን ያደርግልናል ብዬ፣ ሰንጠረዧንም ሦስት ማዕዘኗንም ሳልገለብጥ ተውኳቸው። ሦስት ምልክት ነበር፤ ለሦስቱም መልስ ነበረኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ብቻ ነበር ያልነበረኝ።

በአዲሱ ወረቀት ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። የነደፈው በሚለው ላይ ፈረምኩ። ያረጋገጠው በሚለው ላይም ጋደል አድርጌ ፈረምኩ።

ጋሼ ቅጂውን ይዘው ዘንጉ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ክንዳቸውን ዘረጉ፣ በቀኝ እጃቸው ከክርናቸው አልፈው ላይኛው ክንዳቸው ላይ አንድ ቦታ ያዙ።

«ልጄ፣ አሮጌውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር።»

«እዚህ ማለት ስንት ነው?»

«በቁጥር አልለካሁትም። ተሸክሜው ነው የማውቀው። ይሄ ያጥራል።»

«ጋሼ፣ በክንድ አይለካም እኮ። ወረቀቱ ላይ ሁለቴ ለክቻለሁ።»

«ሺንሺቾ ሄደን የፓምፑን ሆድ ብናየው?»

ወደ ሺንሺቾ መሄድ ማለት መኪና መጠየቅ፣ ነዳጅ መጠየቅ፣ አንድ ሳምንት መጠበቅ ማለት ነው። ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። «ስዕሉ ላይ ያለው ይበቃል» አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ኃላፊ ኃላፊ ይሸት ነበር። «ወረቀቱ ያንቺ ነው» አሉ። ብረቱን መጋዝ ላይ አስቀመጡት።

ሥራው ያማረ ነበር። በኩሽኔታው ቦታ ከመቶኛ ሚሊሜትር አልሳቱም። ሲጨርሱ በዘይት ጨርቅ ወልውለው ፊቴ አቆሙት፣ እኔም ማይክሮሜትሬን ይዤ በየቦታው ለካሁት። አንድም ከተፈቀደው የወጣ አልነበረም። በመኪና ተጭኖ በአንጋጫ በኩል ሄደ፤ ጋሼም ሊገጥሙት አብረውት ሄዱ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተመለሱ። ሻፍቱን በጆንያ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት። ሁለተኛው ኩሽኔታ ቦታው ላይ አልደረሰም። ሁለት ጣታቸውን አንድ ላይ ገጥመው አሳዩኝ። «ይህን ያህል» አሉ። ሠላሳ ሚሊሜትር ናት። ሺህኛዋን አክብረን፣ ሠላሳውን በልተናል። የሺንሺቾ ሰው እንስራና ጀሪካኑን ይዞ ፓምፑ ሲነሳ ለማየት ተሰብስቦ ነበር፣ ከዚያ ወንዝ ወረደ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፣ ሾፌሩ ነው።

ዘንጉ የመንግሥት ንብረት ነበር፣ አንድ ብቻ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ከቀበሌ አንድ ጓድ ጋር ገቡ። በዚያን ጊዜ ለተሳሳተ ነገር ሁሉ አንድ ስም ነበር፤ አሻጥር። ጓዱ ሻፍቱን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

«ማጠሩን አላወቅክም?»

«ማጠሩን ያየሁት ስገጥመው ነው።»

ይህ እውነት አልነበረም። ከመቁረጣቸው በፊት ነግረውኛል፣ ክንዳቸውን ዘርግተው አሳይተውኛል። ስለ ወረቀቱ ግን ጓዱ አልጠየቀም። ለእሱ ብረት የሚቆርጥ እጅ ነው፣ እጁም ፊቱ ቆሟል። ኃላፊያችን ወደ እኔ አዩ። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ማስመሪያዬ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣ በጣቶቼ ይዤዋለሁ። ያሰብኩት ስለ ጋሼ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ ፎርሙ ነው። ምንም አላልኩም። ጋሼ እጃቸውን በጋዝ ታጠቡ፣ ቶርኖውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን ለብሰው ከጓዱ ጋር ሄዱ።

ወደ ክፍሌ ሄጄ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሻንጣ ጎተትኩ። የትምህርት ቤት ደብተሬን አወጣሁ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ንጹሕ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም፦ ከልኬት ቁጥር ሥር የተሰመረ መስመር ‹ስዕሉ ከዚህ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም፣ ቁጥሩን እመን› ማለት ነው። ፋብሪካው ሻፍቱን አስረዝሞ፣ ስዕሉን እንደገና ከመሳል ይልቅ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ ከሥሩ አሰመረ። በሦስት ማዕዘን ያለችው ፊደል ‹እዚህ ማሻሻያ አለ› ትላለች፤ ሰንጠረዧ ደግሞ ምን እንደተሻሻለ። ከገጹ ግርጌም መምህሩ ያስጻፉን አለ፦ ስዕልን በማስመሪያ አትለካ፣ የተጻፈውን አንብብ። ሁለት ጊዜ ከበብ አድርጌበታለሁ። ከፈተና በኋላ ደብተሩን የከፈትኩት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላስታውስም። እውነቱን ልናገር፣ ቅዳሜ ቀን ለራሴ ምክንያት ስሠራ ነው የዋልኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ይፈቷቸዋል። ነገሩ ይበርዳል። እኔ ከሄድኩ በኋላ በደብዳቤ እናገራለሁ። ከማን ጋር ልማከር? እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ በዚህች ከተማ ‹እስቲ ስሚኝ› የምለው አንድ ሰው አልነበረኝም። የነበሩኝ አንድ ሰው ቀበሌ ገብተዋል።

እሑድ በሳሎኑ መዝሙር ነበር። ግቢውን ሳቋርጥ እንደ ልማዱ ቆመ። ያን ቀን ወደ ክፍሌ አልገባሁም፤ የእነሱን በር አንኳኳሁ። የቤቱ እመቤት ከፈቱልኝ። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው ድርቅ ብሎ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ በእኔ ጥፋት ሰው ታስሯል» አልኳቸው። ሌላ መግቢያ አልመጣልኝም።

አስገቡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መስመሩን፣ ቁጥሩን፣ ፎርሙን። ስለ ስዕሉ ምንም የገባቸው አይመስለኝም። ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰውየው ምግብ ማን እያደረሰላቸው ነው?»

አላውቅም ነበር። ሚስታቸው ሌሞ ገጠር ናት፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ፤ መታሰራቸውን እንኳ አልሰማች ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ሳስብ ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ አላለፈም። እመቤቲቱ ከባለቤታቸው ጋር በሀዲይኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ባለቤታቸው በእምነታቸው ምክንያት አራት ወር ታስረው እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ቆጮና ጎመን በሳህን አድርገው በጨርቅ ቋጠሩ፣ ቀበሌ እንዲያደርስ ለአንድ ልጃቸው ሰጡ። «ሰኞ ጠዋት አንቺ ትሄጃለሽ» አሉኝ፤ ወደ ኃላፊያችን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መዝሙሩ እኔ እያለሁ ቀጠለ። ቃሉ አልገባኝም፣ ግን እስኪጨርሱ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ሁለቱን ወረቀቶች ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው፣ የደበዘዘውንና የእኔን። አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «የቆረጡት በስዕሉ ልክ ነው። ስዕሉ ደግሞ የእኔ ነው። እንደሚያጥር ነግረውኛል፣ አልሰማኋቸውም።»

ኃላፊያችን እርሳሳቸውን ይዘው ከቁጥሩ ሥር ያለውን መስመር ረጅም ጊዜ አዩ። «ይህን እኔ አላሰመርኩም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሳጥኖቹ ወረዱ።

«ያረጋገጠውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የነደፈውስ?»

«እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው ሳጥን ላይ ያለው የራሳቸው ፊርማ ነበር። እሱን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፤ እሳቸውም ሳያዩ ነው የፈረሙት። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉ፤ የቴክኒክ ስህተት ነው፣ አሻጥር አይደለም፣ ስዕሉ የተሳሳተ ነው የሚል። እኔን በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ። መሳቢያቸውን ከፍተው ፎርሙን አወጡ፣ አዩኝ፣ መልሰው ከተቱት። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ለሌላ ሰው እንደሄደ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ፣ ግን ያለቀስኩት በዚያ ብቻ አልነበረም።

ጋሼ ማክሰኞ ሥራ ገቡ። ከቶርኖው ላይ የሦስት ቀን አቧራ እየጠረጉ ነበር ስደርስ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም? ነግሬያታለሁ ለምን አላሉም?»

«የቀበሌው እስር ቤት ክፍሉ አንድ ነው» አሉ ጨርቁን እያራገፉ። «ሴት የምታድርበት አይደለም።»

ጨርቁን ሰቅለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከሰዓት በኋላ ግን መጥተው ቦኖሻ አጠገብ የተገለበጠ የጭነት መኪና እንዳለ ነገሩኝ። የኋላ እግሩን የሚያዞረው አክስል ደህና ብረት ነው፣ ይበቃናል አሉ። በጋሪ አስመጡት። ጠንካራ ስለሆነ ቀጥቃጭ ቤት በከሰል አግለው፣ በአመድ ቀብረው፣ ቀስ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ፤ ከዚያ ነው የቶርኖ ቢላዋ የሚገባው። በዚያ መሐል ሺንሺቾ ሄድን፣ ሁለታችንም። እሳቸው የፓምፑን ሆድ በቀርከሃ ለኩና ልኩ ላይ ቆረጡት፣ እኔ ቀርከሃውን በካሊፐር ለካሁ፤ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል መቶ ሰማንያ። ወረቀት ላይ ደመርኩ፤ ሰባ፣ አርባ ስድስት፣ መቶ ሰማንያ፣ አርባ ስድስት፣ መቶ። አራት መቶ አርባ ሁለት። ያ ፋብሪካ ውሸት አልጻፈም ነበር።

ስዕሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ በዚህ ጊዜ ስዕሉንም በልኩ ስለሳልኩት ከሥሩ አላሰመርኩም። ማሻሻያውን በሰንጠረዧ ውስጥ በአማርኛ ጻፍኩ። የነደፈው በሚለው ላይ ፈረምኩ። መሐለኛዋ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ጋሼ ከጎኔ ቆመው ነበር። ወፍራሙ መስመር ምን እንደሆነ፣ ቁርጥርጡ ምን እንደሆነ፣ ነጥብ ያለው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረድቻቸው ነበር፤ የመሐሉን መስመር ወደዱት፣ «ቶርኖም የሚያየው እሱን ነው» ብለውኛል። አሁን የዘይት ጣታቸውን ወረቀቱን ሳይነኩ ወደ ሳጥኗ ጠቆሙ።

«ይቺ ባዶ ለማን ናት?»

«ለሚያረጋግጥ ሰው ናት። ሌላ ሰው ነው መፈረም ያለበት፣ ከእኔ ሌላ። ልክ መሆኑን ያየ ሰው።»

ክንዳቸውን ዘረጉ። በቀኝ እጃቸው ከክርናቸው አልፈው ያችኑ ቦታ ያዙ፣ ላይኛው ክንዳቸው ላይ።

«ያኔም እኮ አረጋግጬልሽ ነበር» አሉ። «አላስፈረምሽኝም እንጂ።»

ብዕሩን ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጋዋናቸው ጠርገው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በቁርአን ቤት በተማሩት ፊደል ስማቸውን ጻፉ። ሳጥኗ ጠበበቻቸው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ወደ እኔ ፊርማ ሳጥን ገባች። ክፍለ ሀገር ስዕሉን መልሶ ‹ያረጋገጠው ባለሙያ የትምህርት ደረጃ ይገለጽ› አለ። መልስ አልጻፍኩም፤ ፓምፑ በዚያን ጊዜ ውኃ እየሳበ ነበር።